የስህተት ደብተርሽ ውስጥ የጎደለችው መስመር

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ12ኛ ክፍል ናቹራል ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ መሐል ሜዳ ናቸው፤ እኔ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። ከመስከረም ጀምሮ የቆዩ የማትሪክ ፈተናዎችን እየሠራሁ ነው፤ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ዘጠኝ ወረቀት ጨርሻለሁ። ውጤቴ ግን ከግማሽ ፈቀቅ አላለም። አስተማሪያችን የስህተት ደብተር ያዙ ብሎን ያዝኩ፤ አንድ ሙሉ ደብተር ሞላ። ያንኑ ስህተት ግን ደግሜ እሳሳታለሁ። ከደብተሩ ስድስት ገጽ ከጥያቄ ወረቀቶቹ ጋር ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። ደብተሩ ነው የማይጠቅመው ወይስ አያያዜ?»
ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ አያያዝሽ ነው። ደስ የሚለው ግን የሚስተካከል ነገር ነው።

ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ እያሰፋሁ አንድ በአንድ አየኋቸው። ጥያቄው በሰማያዊ ተገልብጧል። ከሥሩ ሙሉ አሠራሩ አለ። መልሱ በቀይ ተከቧል። ጽሕፈትሽ ያምራል፤ አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ደብተሩ ላይ የተጻፈው የመልሱ አሠራር ነው፤ ያንቺ ስህተት የትም ገጽ ላይ የለም።

ጥያቄው ፊትሽ ሆኖ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ ያን የተሳሳተ ምርጫ ስታከብቢ በልብሽ ምን ብለሽ ነበር? ያቺ አንዲት መስመር ናት የጎደለችው። እሷ ከሌለች ደብተሩ ሁለተኛ የመልስ መጽሐፍ ይሆናል። ደግነቱ ጥያቄ ወረቀቶቹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የሞነጫጨርሽው ፎቶው ላይ ይታያል። እኔም ከደብተሩ ይልቅ ያንን ነው ያነበብኩት።

እስቲ ሦስቱን አብረን እንያቸው። የመጀመሪያው ሎጋሪዝም ነው።

log₂(x) + log₂(x − 2) = 3

በእርሳስ የሠራሽው ቆንጆ ነው። ሁለቱን ሎጋሪዝሞች ወደ አንድ አመጣሽ፣ x² − 2x − 8 = 0 አገኘሽ፣ 4 እና −2 ወጡልሽ። ሁለቱንም የያዘውን ምርጫ ከበብሽ። ትክክለኛው መልስ 4 ብቻ ነው። ደብተርሽ ላይ ይህን ጥያቄ «የሎጋሪዝም ሕጎች» በሚል ርእስ ሥር አስገብተሽዋል።

ሁለተኛው ከሦስት ገጽ በኋላ ነው፤ የሥር ምልክት ያለበት።

√(x + 6) = x

ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አደረግሽ፣ x² − x − 6 = 0 መጣ፣ 3 እና −2 አገኘሽ። አሁንም ሁለቱንም መረጥሽ። መልሱ 3 ብቻ ነው። ርእሱን «ራዲካል» ብለሽዋል።

ሦስተኛው ክፍልፋይ ያለበት ነው።

x²/(x − 3) = 9/(x − 3)

ታችኛውን አጠፋሽ፣ x² = 9 ሆነ፣ 3 እና −3 አልሽ። ሁለቱንም ከበብሽ። መልሱ −3 ብቻ ነው። ርእሱ «ራሽናል ኢኩዌሽን» ነው።

በርእስ ከተሄደ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው። ሦስት ምዕራፍ እንደገና አንብቢ ያሰኛሉ። አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ይመስለኛል፤ የሎጋሪዝም ሕጎቹን በሙሉ ገልብጠሽ አይቻለሁ። ግን እርሳሱን ተመልከቺው። ሕጎቹን አንዱንም አልሳትሽም። ስኩዌር ማድረግም ታውቂያለሽ። ፋክተር ማውጣትም ታውቂያለሽ። ሦስቱም ቦታ ላይ የወደቅሽው አንድ ደረጃ ላይ ነው፤ ያገኘሽውን ቁጥር ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰሽ አልተካሽውም።

−2ን ሎጋሪዝሙ ውስጥ ክተቺው፤ log₂(−2) ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። −2ን ሥሩ ውስጥ ክተቺው፤ √4 ማለት 2 ነው፣ 2 ደግሞ ከ−2 ጋር እኩል አይደለም። 3ን ክፍልፋዩ ውስጥ ክተቺው፤ ታች ዜሮ ይመጣል። እያንዳንዱ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

እንግዲህ ስህተት የሚመደበው በምዕራፍ ሳይሆን በመነሻው ነው። የላክሽው ስድስት ገጽ ላይ 14 ስህተት አለ። በምዕራፍ ስቆጥራቸው ዘጠኝ ምዕራፍ ላይ ተበትነዋል፤ ከሁለት በላይ ያገኘ ምዕራፍ የለም። በዚህ ከሄድሽ ሁሉንም ማንበብ ሊኖርብሽ ነው፤ ሁሉንም ማንበብ ደግሞ ምንም እንዳልመረጡ ነው። እርሳሱን ተከትዬ በመነሻቸው ስቆጥራቸው ግን አምስቱ «መልሼ አልተካሁም» ሆኑ። አራቱ የጥያቄውን ቃል በጥድፊያ ማለፍ ናቸው። ሦስቱ ፊዚክስ ላይ መለኪያ አለመቀየር ናቸው። በእውነት የማታውቂው ሁለት ብቻ ነው። 14 ስህተት ወደ አራት ነገር ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ራሴ ሒሳብ ሳስተምር ለዓመታት ተማሪዎቼ ወረቀት ላይ በቀይ «ጥንቃቄ!» ብዬ እጽፍ ነበር። ዛሬ ይቆጨኛል። ጥንቃቄ የሚባል ልምምድ የለም። ልጁ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ጥንቃቄን ሊያጠና አይችልም። አንቺም ደብተርሽ ላይ ሁለት ቦታ «ቸኩዬ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። እሱን ሰርዢው። ቸኩለሽ ምኑን ነው የዘለልሽው? «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን «ትክክል የሆነው» ብለሽ አነበብሽ? የመቀነስ ምልክቱን ቅንፍ ውስጥ ሳታስገቢ ቀረሽ? መልሱ እጅሽ ወደሚሠራው አንድ ነገር እስኪደርስ ድረስ ራስሽን ጠይቂ። ለምሳሌ ያቺን የጥያቄ ቃል ለማለፍ መድኃኒቱ ቃሏን ማስመርና ከየምርጫው አጠገብ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። ይህን ልትለማመጂው ትችያለሽ።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንምጣ።

ወረቀት ስትሠሪ እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ጥያቄ ሁሉ ቁጥሩ ላይ ኮከብ አድርጊበት። ይህን የምለው በግምት ያገኘሽውም ስህተት ስለሆነ ነው። አራት ምርጫ ካለው 20 ጥያቄ ዝም ብለሽ ብትገምቺ አምስት ያህሉን ማግኘትሽ አይቀርም። አምስቱ ራይት ስለተደረገባቸው ብቻ ደብተር ውስጥ ሳይገቡ ያልፋሉ። ፈተናው ቀን ግን ዕድሉ ላይደገም ይችላል። ስለዚህ ኮከብ ያለበት ጥያቄ መልሱ ቢገኝም ይገባል።

አርመሽ ስትጨርሺ አሠራሩን ወዲያው አትክፈቺ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች የሚበላሹት። የትኛው ምርጫ ትክክል እንደሆነ ሳታዪ፣ የተሳሳትሽባቸውን ቁጥሮች ብቻ ይዘሽ፣ ያለ ሰዓት እንደገና ሞክሪያቸው። አሁን ከሠራሽው ነገሩን ታውቂዋለሽ ማለት ነው፤ ያጠፋሽ ንባብ ወይም ጥድፊያ ወይም የተዘለለ ደረጃ ነው። አሁንም እምቢ ካለሽ ዕውቀቱ ጎድሏል። መድኃኒታቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ልምምድ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ወይም አስተማሪ ይፈልጋል። አሠራሩን ቀድመሽ ካየሽ ግን ሁሉም «አሃ፣ ይሄማ አውቀዋለሁ» ይመስልሻል፤ ሁለቱን መለየት አትችይም።

ከዚያ አሠራሩን እዪ፣ ዝጊው፣ ጻፊ። አራት መስመር ይበቃል። የሎጋሪዝሟን ጥያቄ እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፋት፦

ጥያቄ፦ ወረቀት 7፣ ቁጥር 23። log₂(x) + log₂(x − 2) = 3
ያሰብኩት፦ ኳድራቲኩ ሁለት መልስ ከሰጠ ሁለቱም መልስ ናቸው።
የተሰበረበት፦ −2 ሎጋሪዝም ውስጥ አይገባም። ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሼ አልተካሁም።
ሌላ ጊዜ፦ ሎጋሪዝም፣ ሥር ወይም ታች x ካየሁ፣ ምርጫ ከማክበቤ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር እተካለሁ።

ሁለተኛዋን መስመር በአማርኛ ጻፊያት፤ እንዳሰብሽው፣ ሳታሳምሪ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ስትሠሪ ለራስሽ የምታወሪው በአማርኛ ነው። አራተኛዋ መስመር ደግሞ ሁልጊዜ «ይህን ካየሁ ይህን አደርጋለሁ» የሚል መልክ ይኑራት። «ሎጋሪዝም ላይ ልጠንቀቅ» ብትይ ምን እንደምታደርጊ አይነግርሽም።

ለአንድ ስህተት ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ በቂ ነው። ሃያ ደቂቃ ከፈጀብሽ እንደገና አሠራር መገልበጥ ጀምረሻል ማለት ነው። ከአንድ ወረቀትም ከአስር፣ ከአስራ ሁለት በላይ አትጻፊ። ሌላው ይቅር። ከአንድ ምዕራፍ የመጡት ጥያቄዎች ከግማሽ በላይ ከተሳቱ ደግሞ ያ ምዕራፍ ለስህተት ደብተር ገና አልደረሰም፤ መጽሐፉን ከፍተሽ ከመጀመሪያው ተማሪው። የማያውቁትን ነገር ስህተት መመዝገብ አይቻልም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ደብተሩን ወደ ጥናት መቀየሩ ነው። ደብተርሽ እስካሁን የሚጻፍበት እንጂ የሚከፈት አልነበረም። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይ ሳለ አድርጊው። የደብረ ብርሃን ማታ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፤ መብራትም ቢጠፋ ደብተር ቻርጅ አይፈልግም።

መጀመሪያ ቁጠሪ። የሳምንቱን «የተሰበረበት» መስመሮች ብቻ እያነበብሽ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ በነጥብ ቁጠሪያቸው። ብዙ ነጥብ ያገኘውን አንዱን ብቻ ምረጪ። ሁለት አትምረጪ። ያንቺ የዚህ ሳምንት ምርጫ ያለ ጥርጥር «መልሼ አልተካሁም» ነው።

ከዚያ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ አንድ ጥናት ታደርጊያለሽ። በመጀመሪያው አስር ደቂቃ ከደብተሩ ሁለት ሦስት ጥያቄ ወስደሽ፣ ታቹን በወረቀት ሸፍነሽ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ትሠሪያለሽ። ማንበብ የለም።

ቀጥሎ አስር ደቂቃ ለ«ለምን» ነው። ትርፍ መልስ ከየት ይመጣል? ስኩዌር ማድረግ ምልክት ያጠፋል፤ 2ም −2ም ስኩዌር ሲሆኑ 4 ናቸው። ስለዚህ ስኩዌር ካደረግሽ በኋላ ያለው እኩልታ ከፊቱ ከነበረው የበለጠ ሰው ያስገባል። ሎጋሪዝሙም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ x እና x − 2 እያንዳንዳቸው ከዜሮ በላይ መሆን አለባቸው። አንድ ላይ ስታባዣቸው ግን ብዜታቸው ብቻ ከዜሮ በላይ ከሆነ በቂ ይሆናል። −2ን ስትተኪ −2 እና −4 ይመጣሉ፤ ሲባዙ 8 ናቸው። ሁለት ኔጋቲቭ ተባዝተው ፖዘቲቭ ሆነው በር ጥሰው ገቡ። ይህን አንዴ በገዛ ቃልሽ ለጓደኛሽ ካስረዳሽ መተካት ሸክም አይሆንብሽም።

ሃያ አምስቱ ደቂቃ የአዲስ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄ አመራረጥሽ ሁሉን ይወስናል። ከላይ ያሉትን የመጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ያየ ተማሪ ሳያውቀው «ኔጋቲቩን ጣል» የሚል የውሸት ሕግ ይማራል። እኔ ብዙ ልጆች ላይ አይቻለሁ። አንድ ስህተት አርመው ሌላ ይተክላሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የተጣለው ፖዘቲቩ 3 እንደሆነ ልብ በይ። ስለዚህ እንዲህ ቀላቅይ፦

√(2x + 3) = x
√(5x − 6) = x
√(2 − x) = −x
log₃(x) + log₃(x − 8) = 2
√x = −3
x² − 2x − 8 = 0

የመጀመሪያው 3 እና −1 ይሰጥሻል፤ 3 ብቻ ይቆያል። ሁለተኛው 2 እና 3 ይሰጥሻል፤ ሁለቱም ይቆያሉ፣ ምንም አይጣልም። ሦስተኛው 1 እና −2 ይሰጥሻል፤ የሚቆየው −2 ነው፣ ፖዘቲቩ ይወድቃል። አራተኛው 9 እና −1 ይሰጥሻል፤ 9 ይቆያል። አምስተኛው 9 ይሰጥሻል ግን √9 ማለት 3 ስለሆነ መልስ የለውም። የመጨረሻው ተራ ኳድራቲክ ነው፤ ሁለቱም መልስ ናቸው፣ ሥርም ሎጋሪዝምም ታች xም ስለሌለ የሚጣል ነገር አይኖርም። እሱን ያስገባሁት መቼ መተካት ግዴታ እንደሆነ መቼ እንዳልሆነ መለየት እንድትለምጂ ነው። ስድስቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ እጅሽ ይሠራዋል፤ ፈተና ላይ ግን ማንም «አሁን ተኪ» ብሎ አይነግርሽም። ቁጥሮቹን እየቀየርሽ ሌላ መጨመርም ትችያለሽ።

የቀረችው አምስት ደቂቃ ለቀን መጻፊያ ናት። ከእያንዳንዱ የደብተር ጥያቄ ጎን ሦስት ቀን ጻፊ፤ ከዛሬ ሦስተኛው ቀን፣ አስረኛው ቀን፣ አንድ ወር። በእነዚያ ቀናት ታቹን ሸፍነሽ እንደገና ትሠሪዋለሽ። ዛሬውኑ መልሰሽ መሥራትሽ ምንም አይነግረኝም፤ ገና ጆሮሽ ላይ ነው። በአስረኛው ቀን ከሠራሽው ግን ይዘሽዋል። በወሩም ከሠራሽው ሰርዢው፤ ደብተሩ ውስጥ ቦታ አይያዝ። አንዱ ቀን ላይ ከወደቅሽ ቀናቱ እንደገና ከሦስተኛው ቀን ይጀምራሉ።

መልሱን ሸምድደሽው ከሆነስ? የምታውቂበት መንገድ አለ። ጥያቄውን እንዳየሽ «ሐ ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣ ሸምድደሻል። ያኔ ቁጥሩን ቀይሪና ሥሪው። እርሳስ ከማንሳትሽ በፊት «እዚህ ላይ ሥር አለ፣ መጨረሻ ላይ እተካለሁ» ብለሽ ካሰብሽ ግን ገብቶሻል።

ፊዚክሱ ላይ ያሉት ሦስቱ ስህተቶች የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁኑ። አንዷን ግን አሁን ልንካት፤ ለአንቺ ቅርብ ነች። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ4 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ሲቆም ስንት ሜትር ይሄዳል የምትለዋ። አንቺ 72ን እንዳለ v²/2a ውስጥ ከተሽ 648 ሜትር አገኘሽ። 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 20 ሜትር በሰከንድ ነው፤ 400ን ለ8 ስታካፍይ 50 ሜትር ነው።

ስንቅ ልታመጪ ወደ መሐል ሜዳ ስትሄጂ መኪናው ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ይታጠፋል። አንቺ ባትወርጂም ከዋሻው ወዲያ ያለውን የደብረ ሲና ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። እዚያ ላይ መኪና ለመቆም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ቢፈልግ ምን ይሆናል? አራተኛዋ መስመርሽ እንዲህ ትሁን፦ «ፍጥነት በኪሎ ሜትር ካየሁ መጀመሪያ ለ3.6 አካፍላለሁ፤ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን መንገድ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ።»

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቴሌግራም የሚዞሩት የመልስ ቁልፎች ሁሉ ትክክል አይደሉም። ከፎቶዎችሽ አንዱ ላይ ያንቺ አሠራር ትክክል ሆኖ ቁልፉ የተሳሳተበት ጥያቄ አለ፤ አራተኛው ገጽ ላይ ሁለተኛው ነው፣ ከ14ቱ ውስጥ አልቆጠርኩትም። አንቺ ግን ትክክለኛ አሠራርሽን ሰርዘሽ የስህተቱን ገልብጠሻል። ሁለቴ ሠርተሽ ሁለቴም ከቁልፉ የተለየ መልስ ካገኘሽ፣ ደብተር ከማስገባትሽ በፊት አስተማሪሽን ጠይቂ። ያልተሳሳቱትን ማረም ከሁሉ የከፋ ነው።

ሌላው፣ ይህ አያያዝ ለባዮሎጂ እምብዛም አይሆንም። የአንድ የሴል ክፍል ስም ጠፍቶሽ ከሆነ «ምን አሰብኩ» የሚባል ነገር የለውም፤ ስሙን አላስታወስሽም፣ በቃ። ለእሱ ትንንሽ ካርድ ቆርጠሽ በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው መልስ ጽፈሽ እየገለበጥሽ መጠየቅ ይሻላል። የስህተት ደብተር አሠራር ላለው ትምህርት ነው።

የሞላውን ደብተር ምን ላድርገው እንደምትይ ይገባኛል። አትጣይው፣ ግን ሁሉንም እንደገና ልጻፍም አትበይ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወረቀቶች ብቻ፣ እርሳሱ የሚታይባቸውን፣ በአራቱ መስመር መልሰሽ ጻፊ። ከዚያ በፊት ያሉት ላይ ምን እንዳሰብሽ አሁን ልታስታውሽ አትችይም፤ ብትጽፊም ፈጠራ ይሆናል።

አዲስ ወረቀት ላይም እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። ዘጠኙን በተከታታይ ሠርተሻል፤ የቀሩሽ ብዙ አይመስለኝም። አዲስ ወረቀት የት እንዳለሽ ይለካልሽ እንጂ አያስተምርሽም። በሁለት ሳምንት አንድ ይበቃል። በመሃል ያሉት ቀናት የደብተሩ ናቸው። ቀጣዩን ወረቀት ስታርሚም መጀመሪያ ጠቅላላ ውጤቱን አትቁጠሪ። «መልሼ አልተካሁም» ስንት ጊዜ መጣ? አምስት የነበረው ሁለት ከሆነ ጥናቱ ይዟል፤ ጠቅላላው ውጤት በዚያው ወረቀት ላይ ባይነሳም። አምስት እንደነበረ ከቆየ ደግሞ አራተኛዋ መስመርሽ ላይ ችግር አለ። ምናልባት «ካየሁ» የሚለው ምልክት ሰፊ ነው፤ ጠበብ አድርጊው።

የዚህን ቅዳሜ ቆጠራና ስድስቱን ጥያቄዎች የሠራሽበትን ወረቀት፣ እርሳሱን ሳታጠፊ፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። √(2 − x) = −x ላይ ምን እንዳደረግሽ ማየት እፈልጋለሁ።